ከጠረጴዛዋ የማይጠፋው የግዢ ሠራተኛ፦ ለጓደኛዬ የጻፍኩትን ደብዳቤ እዩልኝ

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የልብ ጓደኛዬ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ትሠራለች። አንድ የግዢ ክፍል ልጅ ከጠረጴዛዋ አልጠፋ ብሏታል። ምን ፈልጎ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። በስልክ ስናወራ ሳቁ ከቁም ነገሩ ስለሚበልጥ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት። ከመላኬ በፊት እዚህ ለጠፍኩት፤ እሷም ፈቅዳለች። ሒሳብ ክፍል የምትሠሩና ቢሮ ውስጥ የከረማችሁ፣ የሳትኩት ነገር ካለ ንገሩኝ። ደብዳቤው ይኸው።

ስሚኝማ፣

ልጁ ይወደኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጠረጴዛሽን ነው። ለትናንሽ ወጪ የሚሆነው ፔቲ ካሽ አንቺ ጋ ነው። ማህተሙ አንቺ መሳቢያ ውስጥ ነው። ፕሪንተሩ ከጀርባሽ ነው። ወሩ ደግሞ ሰኔ ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ሊዘጋ ነው እየተባለ አንቺ ጋ የማይመጣ ማን አለ? ሹፌሩም ይመጣል፣ ተላላኪውም ይመጣል። ስለዚህ መብዛቱ ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

ሲመጣ ጻፊው ባልኩሽ ጊዜ ሳቅሽብኝ፤ ግን ጽፈሽ ላክሽልኝ። በአምስት የሥራ ቀን 19 ጊዜ መጥቷል። 11ዱን ደረሰኝ ወይም የግዢ መጠየቂያ ይዞ ነው። 8ቱን ባዶ እጁን ነው። እኔን ያስቆመኝ 19ኙ ሳይሆን እነዚህ 8ቱ ናቸው። ከነሱም 6ቱ ጠዋት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ደግሞ አጠገብሽ የምትቀመጠው ልጅ ባንክ ትሄዳለች። ወረቀት የሌለው ሰው፣ ብቻሽን በምትሆኚበት ሰዓት፣ ደጋግሞ ከመጣ ወደ ፕሪንተሩ አይደለም የመጣው።

ሁለተኛ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አየሁ። ማህተም ማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እሱ ግን ሩብ ሰዓት ይቀመጣል። የእናትሽን ጉልበት ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን ለሰርግ እንደምትሄጂ አንዴ ብትነግሪው ሰኞ መጥቶ ሰርጉ እንዴት ነበር ብሎሻል። ሌሎቹን ጠረጴዛዎች ቆሞ ሰላም ብሎ ያልፋል፤ የሚቀመጠው አንቺ ጋ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ሳየው ወዶሽ ነው ወደሚለው አደላለሁ። ድፍረቱ ግን ገና አልመጣለትም።

ሁለት ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። ልጁ ከሐዋሳ ቅርንጫፍ ተዛውሮ የመጣው በቅርቡ ነው፤ ሰው አያውቅም። አንቺ ደግሞ ለማንም ፊትሽን አትነፍጊም። እንዲያው ወሬ የራበው ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ካንቺ ሳይሆን ካንቺ ቦታ የሚፈልገው ነገር አለ፤ ገንዘብ የምትይዝ ሴት ወዳጅ አይጠፋትም።

ምን ላድርግ ላልሽው፣ ሰው ፊት ምን ፈልገህ ነው ብለሽ እንዳትጠይቂው። እሱም ይሸማቀቃል፣ አንቺም የቢሮ ወሬ ትሆኛለሽ። መጀመሪያ ሥራውንና ጉብኝቱን ለያዪያቸው። ደረሰኝ የምቀበለው ጠዋት 3፡30 እና ከሰዓት 9፡30 ብቻ ነው ብለሽ ወረቀት ለጥፊ። ለሱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ይሁን። ከዚያ በኋላ ከሰዓቱ ውጭ የሚመጣው ነገር ስሙን ይዞ ይመጣል።

ቀጥሎ አንቺ ምን እንደምትፈልጊ ለራስሽ ንገሪው። ይህን ሁሉ ገጽ ስትጽፊልኝ ልጁ ደስ ይልሽ እንደሆነ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ደስ ካለሽ ከቢሮ ውጭ ቡና ለመጠጣት እንቢ አትበይ። ካላለሽ ደግሞ ሥራ ይዣለሁ፣ በኋላ አትበይው። ያ እንቢታ አይደለም፤ ቀጠሮ ነው። አከብርሃለሁ፣ ከሥራ ያለፈ ነገር ግን አልፈልግም በይውና ወደ ኮምፒውተርሽ ዙሪ። ፈገግ ብለሽ አታለሳልሺው። ይሉኝታሽን አውቀዋለሁ።

ያንቺው።

ደብዳቤው ይህ ነው። መልሶቹ መምጣት ሲጀምሩ ስልኬን ማስቀመጥ አቃተኝ። ጓደኛዬ ግን ይህን ሁሉ የምታነብበት ጊዜ የላትም፤ ስለዚህ በየተራቸው በራሴ አነጋገር አሰፈርኳቸው።

መልስ 1። የመጀመሪያዋ የኮሌጅ ገንዘብ ያዥ ናት። ሰላምታዋ ብቻ አንድ አንቀጽ ነበር። በደብዳቤው ተስማማች፤ በተለይ ሰኔን ማንሳቴን ወደደችው። እሷ ጋ ሰኔ ላይ ልጄ እያሉ ሲመላለሱ የከረሙ መምህራን ሐምሌ ሲገባ መንገድ ላይ እንኳ እንደማያውቋት ጻፈች። ስለዚህ ጓደኛዬ ምንም ሳትወስን ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ጠብቃ እንደገና እንድትቆጥር መከረች። ጥሩ ምክር ነው። ችግሩ፣ ባዶ እጁን የመጣባቸውን 8 ጊዜያት ሰኔ አይገልጻቸውም።

መልስ 2። አንድ ወንድ ይወዳታል፣ በቃ ብሎ ሄደ። ሌላ ምንም አልጻፈም። ከሁሉም መልስ ብዙ የጣት ምልክት ያገኘው ይሄ ነው።

መልስ 3። እዚህ ጋ ክሩ መልኩን ቀየረ። የመጣው ረጅም ዘመን በሒሳብና በኦዲት የሠራ ሰው ነው። ልጁ ባዶ እጁን የመጣበትን ለጊዜው ትተን ወረቀት ይዞ የመጣበትን 11 ጊዜ እንድናይ አደረገን። የግዢ ሠራተኛ ቅድሚያ ገንዘብ ወጪ አድርጎ ይሄዳል፣ ይገዛል፣ ደረሰኙን አምጥቶ ያወራርዳል። የፊተኛው ሳይወራረድ ሌላ አይሰጠውም። በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ያልተወራረደው በስሙ ተሰብሳቢ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። ታዲያ በአንድ ቁጭታ ሊያስረክብ የሚችለውን ደረሰኝ በ11 ጊዜ የሚያንጠባጥበው ለምንድን ነው? ይህ ሰው እንዳለው መልሱ ሁለት ነው። ወይ በእርግጥም ልቡ ተነክቷል፤ ደረሰኙን መምጫ ሰበብ አድርጎታል። ወይ ደግሞ እጁ ላይ ጉድለት አለ፤ በጥቂት በጥቂት እያመጣ እሷ ምን ያህል እንደምታጣራ እየለካ ነው።

የምትለይበትንም መንገድ ነገራት። ልጁን ትታ ወረቀቱን ትይ። የደረሰኙ ቀን ከግዢ መጠየቂያው ቀን ይቀድማል ወይ? ከአንድ ሱቅ የመጡ ደረሰኞች ቀናቸው ተራርቆ ቁጥራቸው ተከታታይ ነው ወይ? አንድ ላይ መገዛት የነበረበት ዕቃ ተቆራርጦ ቀርቧል ወይ? ለምሳሌ ከፔቲ ካሹ ለአንድ ግዢ የሚከፈለው ጣሪያ 2,000 ብር ቢሆን፣ የ4,500 ብር ዕቃ በሦስት ደረሰኝ ተከፋፍሎ ከመጣ የተከፋፈለው ጣሪያውን ለመሸሽ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለው። ልጁ አንድ ቀን እንኳ ገንዘቡን ስጪኝ፣ ወረቀቱን ነገ አመጣለሁ ብሏት ያውቃል? ብሎ ከሆነ፣ የእናቷን ጉልበት የጠየቀበትን ነገር እንደገና እንድታስብበት አሳሰበ።

እንዲህ ዓይነት ሰው ሳይጠራ የሚመጣው ስንት ክር ላይ ነው?

መልስ 4። አንዲት ሴት ጓደኛ የተባለችው እኔው ራሴ እንደሆንኩ ደርሳበታለች። እዚህ መድረክ ላይ ጓደኛዬ ብሎ የጀመረ ሁሉ ስለራሱ ነው የሚያወራው የሚል እምነት አላት። ዕድሜዬ ሳይሄድ ልጁን እንዳገባው መከረችኝ፤ ግዢ ክፍል የሚሠራ ባል ቤት አያጎድልም ስትል ጨመረችበት።

መልስ 5። እኔ ነኝ። ሒሳብ ክፍል እንደማልሠራ፣ ባልም እንዳለኝ ነገርኳት። ለመልስ 3 ደግሞ ጥያቄዎቹን ለጓደኛዬ እንደላክሁላት ጻፍኩ።

መልስ 6። አንድ ወጣት የራሱን ጉድ ይዞ መጣ። እሱ ለወራት አንዲት የቢሮ ልጅ ጋ ይመላለስ ነበር። ምክንያቱ ከጠረጴዛዋ ሥር ያለው የሶኬት ማከፋፈያ ነው። የሱ ክፍል ሶኬት ተቃጥሎ ጥገና ክፍሉ አልመጣ ብሏል። ስልኩን እዚያ ይሰካል፣ እየሞላ እያለ ዝም ብሎ መቆም ያሳፍረዋልና ያወራታል። ቢሮው ዳራቸው። ልጅቷም ይወደኛል ብላ አምና ኖሮ፣ ሶኬቱ ተሠርቶ መምጣት ሲያቆም ሰላምታ ነሳችው። እስካሁን አልታረቁም። ሰው ሲመላለስ መጀመሪያ ወለሉን ማየት ነው ባይ ነው። ብዙ ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን ልጅቷ አሳዘነችኝ።

መልስ 7። በአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አገልግለው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። በእሳቸው ጊዜ ወንድ ልጅ የሴት ጠረጴዛ ላይ ተንጋሎ አይውልም ነበር። ፍላጎት ካለው በሰው በኩል ያስነግራል፤ ልጅቷም በሰው በኩል ትመልሳለች፤ እንቢ ብትል እንኳ ነገ ፊት ለፊት ለመተያየት የሚያሳፍር ነገር አይኖርም። አሁንም ከሁለቱ የሚበልጥ አንድ የተከበረ የሥራ ባልደረባ መሃል እንዲገባ መከሩ። ልጁን ግን አልኮነኑትም። አክብሮ የሚመጣ ልጅ ነው፣ የእናቷን ጤና መጠየቁም የአስተዳደጉ ነው አሉ።

መልስ 8። እዚህ ሙቀቱ ጨመረ። አንዲት ሴት አባታችን ለተባሉት ሰው ያኔ ሴቶቹ ዝም ይሉ የነበረው ሥራቸውን እንዳያጡ ፈርተው እንደሆነ ጻፈችላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ደብዳቤዬ ልጁን ያሞላቀቀ ነው አለች። ሴት ብቻዋን የምትሆንበትን ሰዓት ጠብቆ መምጣት በሕግ ትንኮሳ መሆኑን፣ ጓደኛዬ ዛሬውኑ ለሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ማመልከት እንዳለባት፣ አብረሽው ቡና ጠጪ ማለቴም አሳፋሪ መሆኑን በሦስት አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ቁጣዋ ከየት እንደመጣ አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

መልስ 9። የሰው ሀብት ሠራተኛ ነኝ ያለ ሰው በትህትና ገባ። የመልስ 8ን ስጋት አላጣጣለውም፤ ሕጉን ግን አስተካከለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳ የሚለው በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ሌላውን ሰው ያለፈቃዱ ለወሲብ እንዲስማማ ማግባባትን ነው። መጥቶ መቀመጥና ስለ ሰርግ መጠየቅ እዚያ ውስጥ አይገባም። አሁን ብታመለክት ሰው ሀብት ክፍል የሚደርሰው ወረቀት ምን አደረገ የሚለውን ባዶ ትቶ የሚመጣ ወረቀት ነው። ነገር ግን በግልጽ እንቢ ካለችው በኋላ ንግግሩ ወደዚያ ከሄደ ሌላ ታሪክ ነው። ያኔ የተባለውን ቃል፣ ቀኑንና ሰዓቱን በዕለቱ ትጻፍ። ማመልከቻዋን ስታስገባ ቅጂው ላይ ገቢ መሆኑን አስፈርማ ትያዝ። ቅጂው ለምን እንደሚያስፈልግም አስረዳ። በባልደረባ የተፈጸመ ትንኮሳ ለአሠሪው ተነግሮት በጊዜው ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛዋ በአንቀጽ 32 መሠረት ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። ይህን መብት የምትጠቀምበት ጊዜ ግን 15 የሥራ ቀን ብቻ ነው። አሠሪው አልሰማሁም እንዳይል ማስረጃው ያ ፊርማ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመረ። ሕጉ የሥራ ባልደረቦች እንዳይዋደዱ አይከለክልም። የሚከለክል ነገር ካለ የድርጅቱ የውስጥ ደንብ ላይ ነው፤ እሱን አስቀድማ ታንብበው። ደንቡ ዝም ቢል እንኳ አንዱ የሚገዛ፣ ሌላዋ የምትከፍል ከሆኑ ኦዲተር ዝም አይልም። ግንኙነቱ ወደዚያ ካመራ ከሁለት አንዳቸው ቦታ መቀየር አለባቸው። ደብዳቤዬ ይህን ፈጽሞ አላነሳም ነበር፤ አስገባሁት።

መልስ 10። መልስ 8 ተመልሳ መጣች። ሕጉን በተመለከተ አልተከራከረችም። ግን ሕጉ እስኪደርስ ድረስ ሴቷ ምን ትሁን የሚለውን ጥያቄ ለመልስ 9 ትታለት ሄደች። በአብዛኛው ቢሮ ሰው ሀብት ክፍል ማለት የአለቃው ጆሮ መሆኑንም ጠቀሰችለት። መልስ 9 ለዚህ አልመለሰም።

መልስ 11። አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ይሄ አዋጅ እሷንም ይመለከታት እንደሆነ ጠየቀች። መልስ 9 አጠር አድርጎ መለሰላት፤ አዋጅ 1156 የግል ድርጅት ሠራተኞችን ይመለከታል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አስተዳደር ሠራተኞች ግን የሚተዳደሩት በሲቪል ሰርቪሱ ሕግ ነውና እዚያ እንድታይ ነገራት።

መልስ 12። ሥነ ልቦና የተማረ ሰው ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛው ፌስቲንገር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1950 በአውሮፓ አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት ነው። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ትዳር ላላቸው ተማሪዎች ባሠራቸው ቤቶች ውስጥ ማን ከማን ጋር ጓደኛ እንደሆነ ተጠና። ወዳጅነትን በብዛት የወሰነው ጠባይ ሳይሆን በር ለበር መሆን ነበር። ምድር ቤት ሆነው ደረጃው አጠገብ የሚኖሩት ደግሞ ከላይ ካሉት ጋር የበለጠ ወዳጅ ነበራቸው፤ ሰው ሁሉ በደጃቸው ያልፋላ። የጓደኛዬ ጠረጴዛ ያ ደረጃ ነው ማለቱ ነው።

ሁለተኛው እሷን ሳይሆን እሱን ይመለከታል። ወንዶች የሴትን ተራ ወዳጃዊ ፈገግታ ፍላጎት አድርገው የማንበብ ዝንባሌ እንዳላቸው ተደጋግሞ ታይቷል። ሃሰልተንና ባስ የተባሉት ተመራማሪዎች በዚያው አቆጣጠር በ2000 ምክንያቱን ለማስረዳት ሞክረዋል። እነሱ እንደሚሉት ወንዱ ዕድል ከሚያመልጠው ተሳስቶ ቢያፍር ይመርጣል። እንግዲህ ጓደኛዬ ይወደኛል ወይ ብላ ስትጨነቅ፣ ልጁም ቤቱ ገብቶ ትወደኛለች እኮ እያለ ሊሆን ይችላል። ፈገግ ብለሽ አታለሳልሺው ያልኩትን ከሁሉም ምክር በላይ የደገፈው ለዚህ ነው።

መልስ 13። አንድ ተሳላቂ የአሜሪካ ተማሪዎች በር ከገርጂ ቢሮ ጋር ምን አገናኘው አለ። እነሱ ጎረቤታቸውን ሰላም ለማለት ጥናት ያስፈልጋቸዋል፣ እኛ ግን ሙሉ ፎቁን ሰላም ሳንል ሥራ ስለማንጀምር ውጤቱ ለኛ አይሠራም ባይ ነው። ስድቡን ትተን ነጥቡን ካየነው ግማሽ እውነት አለው። ሁሉ ሰላም በሚባልበት ቢሮ ሰላምታው ምልክት አይሆንም። ደብዳቤው የቆጠረው ግን ሰላምታን ሳይሆን መቀመጥን ነው።

መልስ 14። ለኔ ከሁሉም የበለጠችው ይህች ናት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። ልጁ የሚቀመጠው ምን ላይ ነው? ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ባንክ የሄደችው ልጅ ወንበር ላይ ነው። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ጋ ትርፍ ወንበር የለም። ስለዚህ ጠዋት ከ4 እስከ 5 የሚመጣው ጓደኛዬ ብቻዋን ስለሆነች ሳይሆን ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ሌሎቹ ጋ ቆሞ የሚያልፈውም የሚቀመጥበት ስላጣ ይሆናል። ይህች ሴት ወንበሩ ላይ የፋይል ክምር አስቀምጣ እንድታየው መከረች። ቆሞም ሩብ ሰዓት ካወራ መልሱ ተገኘ።

መልስ 15። ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። አንዷ ቨርጂኒያ ሆና ጻፈች፤ እሷ ጋ አጠገብሽ ያለ ሰው እንኳ በቻት ነው የሚያወራሽ፣ በእግሩ ከመጣ ወይ ልደት ነው ወይ ሥራ ሊያሰናብቱሽ ነው። ሌላው ቢሮ ውስጥ ቡና ማፍላት ለምን ተከለከለ ብሎ ጀመረ። እዚያው ሥር ጀበናና የእሳት አደጋ ብዙ ተከራከሩ። አላሳጥረውም፣ ዘልዬዋለሁ።

መልስ 16። እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ያደረገችውን ይዤ ተመለስኩ። የሰዓቱን ማስታወቂያ አለቃዋን አስፈቅዳ ለጠፈች። ወንበሩ ላይ የአምናውን የክፍያ ፋይሎች ቆለለች። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ወረቀት ይዞ የመጣው 4 ጊዜ ብቻ ነው፤ ደረሰኞቹን ሰብስቦ በሰዓቱ አመጣ። ባዶ እጁን የመጣው ግን 7 ጊዜ ነው። ፋይሎቹን አየ፣ አንሺልኝ አላለም፣ ክንዱን ካቢኔቱ ላይ አስደግፎ ቆሞ አወራ። ሐሙስ ዕለት ቦሌ አካባቢ ጥሩ ማኪያቶ ያለበት ቤት አውቃለሁ፣ ከሥራ በኋላ እንሂድ ወይ አላት። እሷም ያልኳትን በራሷ አፍ ነገረችው፤ አከብርሃለሁ፣ ከሥራ ያለፈ ግን አልፈልግም። ፊቱ ቀላ፣ እሺ፣ ይቅርታ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ሰላም አላት፤ አልቆመም።

የመልስ 3ንም ጥያቄዎች ወረቀቱ ላይ ሠራችባቸው። ገንዘብ አስቀድሞ ጠይቋት አያውቅም። የተቆራረጠ ግዢ አላገኘችም። ግን ከአንድ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ የመጡ ሁለት ደረሰኞች ቁጥራቸው ተከታታይ ሆኖ ቀናቸው በ9 ቀን ይራራቃል።

መልስ 17። መልስ 3 ወዲያው መጣ። አትቸኩሉ አለ። ትንሽ ሱቅ በ9 ቀን ውስጥ ሌላ ደረሰኝ ሳይቆርጥ ሊቀር ይችላል፤ ደረሰኝ የሚጠይቅ ደንበኛ የሌለው ስንት ሱቅ አለ። እሷ ልጁንም ሱቁንም መጠየቅ የለባትም። ሁለቱን ደረሰኞች ለአለቃዋ አሳይታ የሱን ማወራረጃ ሌላ ሰው እንዲያጣራው ትጠይቅ። እንቢ ካለችው በኋላ እሷው ራሷ ብታጣራው፣ ነገ ስህተት ሲገኝ ተበቀለችው፣ ሳይገኝ ሲቀር ሸፈነችለት መባሉ አይቀርም።

መልስ 18። መልስ 9 በዚህ ተስማማና አንድ ነገር ላይ ተለየ። ለአለቃዋ ደረሰኙን ስታሳይ ማኪያቶውን ማንሳት የለባትም ባይ ነው። ልጁ ጠየቀ፣ እንቢ ተባለ፣ ተወ፤ የተዘጋ ጉዳይ ነው። መልስ 3 አልተቀበለውም። አለቃዋ በኋላ ከሌላ ሰው ቢሰማ ለምን ደበቅሽኝ ይላታል፤ ሌላ ሰው ያጣራው የምትልበት ምክንያትም ያለዚያ አይገባውም። መልስ 8 ደግሞ በመሃል ገብታ እንቢ ሲባል መተው የሚችል ወንድ መኖሩን በማየቷ ደስ እንዳላት ጻፈች። ከመጣች ጀምሮ ያለ ቁጣ የጻፈችው ይህን ነው። ሁለቱ ግን እስካሁን አልተስማሙም። ጓደኛዬም አልወሰነችም፤ አለቃዋ ከዕረፍት የሚመለሰው ሰኞ ነው።

መልስ 19። የኮሌጇ ገንዘብ ያዥ ተመለሰች። ስለ ልጁ ምንም አላለችም። የማስታወቂያውን ቃል እንዳለ እንድልክላት ጠየቀችኝ፤ መምህራኑ ዘንድሮ ሐምሌ ገብቶም አልተዋትም።